የሚሮጥ ቻርጅ መስክ ለምን ይጠፈጠፋል? በመዘግየት ወይስ በአንጻራዊነት?

ጠያቂ፦ በቋሚ ፍጥነት የሚጓዝ ኤሌክትሮን የኤሌክትሪክ መስኩ ወደ ጎን ይበረታል፤ በፊቱና በኋላው ግን ይዳከማል። ይህን ለማስረዳት የዘገየ ፖቴንሻል ብቻውን ይበቃል ወይስ የርዝመት መኮማተር የግድ ያስፈልጋል?

የምህንድስና ተመራቂ፦ መዘግየት ይበቃል። ሊናርድ በ1898፣ ቪሸርትም በ1900 ፖቴንሻሎቹን ያወጡት ከአንስታይን የ1905 ሥራ በፊት ነው። ቻርጁ ወደ ፊት የላከውን ምልክት ራሱ ስለሚከተል ፖቴንሻሉ ከፊቱ ይከማቻል፤ የመስኩ ቅርጽ የሚለወጠውም በዚህ ነው።

የፊዚክስ መምህር፦ በታሪኩ እስማማለሁ፤ እንዲያውም ሄቪሳይድ ይህንን መስክ በ1880ዎቹ መጨረሻ አግኝቶት ነበር። ምክንያትዎ ግን ተቃራኒውን ይሰጣል፤ ፖቴንሻሉ ከፊት ቢከማች ኖሮ መስኩም ከፊት በበረታ ነበር። በጉዞው መስመር ላይ ከቻርጁ ፊት R ርቀት ያለች ነጥብ እንውሰድ። ወደዚያች ነጥብ የደረሰው ምልክት የተላከው ከ R/(1−β) ርቀት ነው፤ β ማለት v/c ነው። ፎርሙላው ይህን ርቀት መልሶ በ 1−β ስለሚያባዛው ውጤቱ R ብቻ ይሆናል፤ ስለዚህ እዚያ ያለው ፖቴንሻል ቻርጁ ቆሞ ቢሆን ከሚኖረው ጋር እኩል ነው። መስኩን የሚያዳክመው የቬክተር ፖቴንሻሉ በጊዜ መለወጥ ነው፤ ይህ ለውጥ ከግራዲየንቱ β² እጅ ይቀንሳል። በጎን በኩል ግን በጉዞው ላይ ቀጥ ባለው አቅጣጫ ቬክተር ፖቴንሻል ስለሌለ የሚቀንስ ነገር የለም፤ ፖቴንሻሉ ራሱም በ 1/√(1−β²) ያድጋል። β = 0.8 ሲሆን መስኩ ከፊት የቆመ ቻርጅ ከሚኖረው 0.36 እጅ፣ ከጎን ደግሞ 1.67 እጅ ይሆናል።

የሆስፒታል ቴክኒሻን፦ እኔ የምሠራበት የጨረር ሕክምና ማሽን ኤሌክትሮኖችን እስከ 6 ሜጋ ኤሌክትሮንቮልት ያፋጥናል። የምናየው ኤክስሬይ ይህ የተጠፈጠፈው መስክ ነው ማለት ነው?

የፊዚክስ መምህር፦ አይደለም። ኤክስሬዩ የሚወጣው ኤሌክትሮኑ ዒላማው ውስጥ ገብቶ በድንገት ሲገታ ነው። በቋሚ ፍጥነት የሚጓዝ ቻርጅ መስክ፣ የቱንም ያህል ቢጠፈጠፍ፣ በርቀቱ ካሬ ስለሚቀንስ ኃይል ነጥሎ ወደ ሩቅ አይልክም። ጠፍጣፋነቱ በማሽንዎ የሚታየው በሌላ መንገድ ነው፤ በዚያ ኃይል γ፣ ማለትም ያው 1/√(1−β²)፣ ወደ 13 ስለሚጠጋ፣ ኤሌክትሮኑ በቧንቧው ግድግዳ አጠገብ ሲያልፍ ግድግዳው የሚሰማው የመስክ ምት በዚያው መጠን ያጠረና የበረታ ይሆናል።

የምህንድስና ተመራቂ፦ ስለ መከማቸቱ ያሉትን ተቀብያለሁ፤ የርዝመት መኮማተር ሳይጠራ መስኩ መገኘቱ ግን አቋሜን ያጸናል።

የድኅረ ምረቃ ተማሪ፦ እኔ በዚህ አልስማማም። የማክስዌል እኩልታዎች የሎሬንጽን ሽግግር ከመጀመሪያው በውስጣቸው ስለያዙ፣ እነሱን የተጠቀመ ሰው አንጻራዊነትን ሳይጠራውም ተጠቅሞበታል። ለመዘግየት ግን አንድ ጠንካራ ማስረጃ አለ፤ መስኩ ቻርጁ አሁን ካለበት ቦታ የሚወጣ የሚመስለው ፍጥነቱ ስላልተለወጠ ብቻ ነው። ቻርጁ በድንገት ቢቆም፣ የመቆሙ ወሬ ያልደረሰበት ሩቅ ስፍራ ያለው መስክ፣ ጉዞው ቢቀጥል ኖሮ ቻርጁ ይገኝበት ከነበረው ባዶ ቦታ የሚወጣ ሆኖ ይቆያል።