ላሲክስና ሃይድሮኮርቲሶን በአንድ መስመር ይሄዳሉ?

ሰሜን ሸዋ፣ መንዝ አካባቢ የውስጥ ደዌ ክፍል ነርስ ነኝ። የልብ ድካምና አስም ያለባቸው አንዲት እናት ተኝተውልኛል። እጃቸው አብጧል። ሁለቴ ሌላ ደም ሥር ፈልጌ አጣሁ፤ ያላቸው አንድ ካኑላ ብቻ ነው።

ትናንት ላሲክስ 40 ሚ.ግ. ሰጠሁና ሳላጥብ ወዲያው ፕላሲል አስከተልኩ። ቱቦው ውስጥ ወተት የመሰለ ነጭ ነገር ሲጎተት አየሁ። ክው አልኩ! ወዲያው ዘጋሁት፤ ካኑላው ውስጥ ያለውን በሲሪንጅ ስቤ አወጣሁ፤ ቱቦውንም ቀየርኩ። እሳቸው ደህና ናቸው። በኋላ የተረፈውን ባዶ ሲሪንጅ ውስጥ ሳገናኘው ያው ነጣ። ምክንያቱ ገብቶኛል፦ ላሲክስ አልካላይን ነው፣ ፕላሲል አሲዳማ። አሲድ ሲያገኘው ሟሙቶ መቆየት አይችልም።

አሁን ደግሞ ላሲክስና ሃይድሮኮርቲሶን 100 ሚ.ግ. በአንድ ሰዓት ታዘዋል። ከሁለቱም ትንሽ ትንሽ ቀላቅዬ መስኮት ላይ ይዤ 15 ደቂቃ አየሁት፤ ጥርት ያለ ነው። ግን ዓይን የማያየው ቅንጣት አለ፣ መድኃኒቱም ሳይደፈርስ ኃይሉን ሊያጣ ይችላል። የላሲክሱ ወረቀት ስለ ሃይድሮኮርቲሶን ምንም አይልም። ፋርማሲስታችን እስከ ሰኞ የለም።

ለጊዜው አንዱን ሰጥቼ፣ በ10 ሚ.ሊ. ኖርማል ሳላይን አጥቤ ነው ሌላውን የማስከትለው።

የተፈተነ የመድኃኒት ተስማሚነት ሰንጠረዥ በእጃችሁ ያለ፦ እነዚህ ሁለቱ ኖርማል ሳላይን በሚሄድበት አንድ መስመር ላይ አብረው መግባት ይችላሉ ይላል ወይስ አይችሉም?