አራት ኪሎ ላይ ያለች ትንሽ ዳቦ ቤት ማስታወቂያ ከማጻፏ በፊት አንድ ቃል ትምረጥ ወይስ ሁሉንም ትበል?

የአራት ኪሎው ዳቦ ቤት፦ ሰላም ቤተሰብ፣ አራት ኪሎ አካባቢ ትንሽ ዳቦ ቤት አለችን፣ ዳቦ፣ ቦምቦሊኖና ትንሽ ኬክ እንሸጣለን። ለቴሌግራምና ለበሩ ባነር ማስታወቂያ ልናጽፍ ነው። እህቴ «ትኩስ፣ ጥራት፣ የጾም ኬክ፣ ተመጣጣኝ ዋጋ፣ ትዕዛዝ እንቀበላለን» ሁሉም ይግባ ትላለች፣ እኔ ደግሞ መጀመሪያ ለሰው የምንገባውን አንድ ቃል እንምረጥ እላለሁ። ማናችን ነን ልክ?

የፒያሳ ልጅ፦ እህትህ ልክ ናት። ሰው ኬክ ፈልጎ መጥቶ ባነሩ ላይ ስለ ዳቦ ብቻ ካነበበ ያልፋል በቃ። አንድ ነገር ብቻ ማለት ለትልልቅ ካምፓኒ ነው እንጂ ለሰፈር ዳቦ ቤት አያዋጣም። የግድ አንድ ምረጥ ካልከኝ ደግሞ ጥራት በል፣ ሁሉንም ይይዝልሃል።

የሬዲዮ ማስታወቂያ ሰው፦ የኬኩ ነገር ልክ ነህ፣ የሚሸጠው ዝርዝር መጻፍ አለበት፣ ከስር በትንሽ ፊደል ይጻፍ። ግን ዝርዝር ሌላ ቃል ሌላ። «ጥራት» የሚለውን ባነር አስብና ስሙን አውጥተህ የጎረቤቱን ዳቦ ቤት ስም አስገባበት፣ ምን ተቀየረ? ምንም። ሮሰር ሪቭስ የሚባል የኒውዮርክ ማስታወቂያ ሰው በፈረንጆቹ 1940ዎቹ ጀምሮ ሲከራከርበት የነበረው ይሄ ነው፣ ማስታወቂያው ለገዢው አንድ የተጨበጠ ጥቅም ይንገረው፣ ተፎካካሪው የማይለው ወይም ማለት የማይችለው ይሁን፣ ደግሞ ሰውዬውን ከቦታው የሚያንቀሳቅስ ይሁን ነው የሚለው። ሦስተኛዋን ብዙ ሰው ይረሳታል። ልዩ ሆኖ ማንም የማይፈልገው ነገር ሞልቷል።

መምህሩ፦ ቃል ስትሉ ዋስትና ማለታችሁ ከሆነ እኔ አልስማማም። ዳቦ ቴሌቪዥን አይደለም፣ ማን ነው የበላውን ዳቦ መልሶ ገንዘቤን የሚለው? በዚያ ላይ የማስታወቂያ አዋጁ 759/2004 አለ፣ አሳሳች ማስታወቂያ ይከለክላል፣ ባትናገሩ ይሻላችኋል።

የሬዲዮ ማስታወቂያ ሰው፦ መምህር፣ ገንዘብ መመለስ አይደለም ያልነው። ሰውየው ሁለት ዳቦ ቤት አልፎ እኛ ጋ የሚመጣበት ምክንያት ምንድነው ነው ጥያቄው። አዋጁን ማንሳትዎ ግን ጥሩ ነው፣ ምክንያቱም «ጥራት» ብሎ ማንም አይጠየቅም፣ ሰዓት ወይም ግራም ከጻፍክ ግን ማንም መጥቶ ሊያይህ ይችላል። ቃሉን ጠንካራ የሚያደርገውም ይሄው ነው።

የፒያሳ ልጅ፦ እሺ ዋጋስ? ዋጋ የተጨበጠ ነው፣ ሁሉም ሰው ይገባዋል።

ጋጋሪው፦ በዋጋማ አትሞክሩት። ሸገር ዳቦ በ2012 ሲመረቅ በቀን 2 ሚሊዮን ዳቦ እንዲጋግር ተብሎ ነው የተሠራው። አንድ ምድጃ ይዘህ ከዚያ ጋር በርካሽነት ልትወዳደር? ዱቄት በጨመረ ቁጥር ወይ ቃልህን ትበላለህ ወይ ዳቦውን ታሳንሳለህ፣ ስታሳንሰው ደግሞ ሰው በእጁ መዝኖ ያውቅብሃል። የእኔ ምርጫ ግራም ነው። 100 ግራም ነው ካልክ 100 ይሁን፣ ሚዛኑን ባንኮኒው ላይ አስቀምጠው ራሱ ይመዝን። ሊጡን ግን 100 ላይ ከቆረጥከው ጉድ ሆንክ፣ ትንሽ ዳቦ እሳት ውስጥ ከክብደቱ አሥር በመቶ፣ ሲበዛ ከዚያም በላይ ያጣል፣ ስለዚህ 114 ወይም 115 ላይ ነው የሚቆረጠው።

የልጆች እናት፦ እኔ ገዢ ነኝ፣ ስለ ማስታወቂያ አላውቅም፣ ግን ግራም አይቼ ገዝቼ አላውቅም። ከሥራ 11 ሰዓት ተኩል እወጣለሁ፣ ታክሲ ይዤ እደርሳለሁ፣ ዳቦው የጠዋት ነው። አንዳንዱ ደግሞ ሞቅ ያለ ይሰጠኛል ደስ ብሎኝ ቤት እደርሳለሁ፣ ለእራት ስቆርሰው ድንጋይ ሆኗል። ይሄ ለምን እንደሚሆን የሚነግረኝ አላገኘሁም።

ጋጋሪው፦ እኔ ልንገርሽ እትዬ። የጠዋቱን ዳቦ መልሰው ምድጃ ከተውት ነው። ዳቦ ሲያድር የሚደርቀው ውሃው ስለሚያልቅ ብቻ አይደለም፣ ውስጡ ያለው ስታርች መልሶ ስለሚጠጥር ነው፣ ስታሞቂው ይላላና አዲስ ይመስላል፣ ሲቀዘቅዝ ግን ከበፊቱ ቶሎ ይጠጥራል። ስለዚህ ስትገዢ ሞቅ ስላለ ብቻ አዲስ ነው አትበይ።

የሬዲዮ ማስታወቂያ ሰው፦ የአራት ኪሎው፣ እትዬ የነገረችህን ሁለት ጊዜ አንብብ፣ የምትፈልገው ቃል እዚያ ውስጥ አለ። «ትኩስ» አይደለም፣ ትኩስማ የሞቀውም ትኩስ ነው። ከ11 ሰዓት በኋላ እኛ ጋ የሚሸጠው ዳቦ ከሰዓት የተጋገረ ብቻ ነው፣ ይሄ ነው ቃል። ገዢዋ የምታውቀው ሰዓት አለው፣ ደግሞ የጠዋቱን አሙቆ ለመሸጥ በር ይዘጋል፣ ጎረቤትህ ነገ ልገልብጠው ቢል የከሰዓት ፈረቃ ከሌለው አይችልም። ማስታወቂያው ከዚህ በኋላ ራሱን ይጽፋል፣ ባነሩ ላይ ሰዓቱ፣ ቴሌግራም ላይ ሲወጣ የተነሳ ፎቶ፣ ኬኩ ከስር።

የአራት ኪሎው ዳቦ ቤት፦ ይሄ በጣም ጥሩ ነው ግን እኛ የምንጋግረው ሌሊት 9 ሰዓት ተነስተን አንዴ ነው፣ ከሰዓት በኋላ ምድጃው ቦምቦሊኖና ኬክ ላይ ነው። መብራትስ ሲጠፋ?

ጋጋሪው፦ ወደ ኋላ ቁጠረው። ማቡካት 20 ደቂቃ፣ መጀመሪያ ሲነሳ አንድ ሰዓት፣ መቁረጥና ማድቦልቦል ግማሽ ሰዓት፣ ፓትራው ላይ ድጋሚ ሲነሳ 50 ደቂቃ፣ እሳት ላይ 20፣ ትንሽ መብረድ 15። ሲደመር ሦስት ሰዓት ከሩብ ነው፣ ስለዚህ 7 ሰዓት ተኩል ላይ ዱቄቱ ማሽን ውስጥ መሆን አለበት፣ ሩብ ሰዓት መጠባበቂያ ይተርፍሃል። ሲሞቅ ሊጡ ቶሎ ይነሳል፣ ክረምት ላይ ደግሞ ይዘገይብሃል፣ ስለዚህ ሰዓትህን በዓመት ውስጥ ታስተካክላለህ። የሚያስፈራው መብራቱ ነው። 10 ሰዓት ላይ ሊጡ ፓትራ ላይ ተነስቶ ሳለ ከጠፋብህ መጠበቅ የለም፣ ከልኩ በላይ ይነሳና ምድጃ ሲገባ ጠፍጣፋ ይሆናል። መልሰህ አድቦልቡለህ ልታድነው ትችላለህ፣ ሰዓቱ ግን አለፈ።

ሰላም ከካዛንቺስ፦ እኔ ኬክ ቤት አለኝ፣ ሰፈሩ በልማት ሲነሳ ግማሽ ደንበኛዬ በየአቅጣጫው ተበተነ፣ ተመልሰው የሚመጡት የጾም ኬክ የሚፈልጉት ብቻ ናቸው፣ ከሩቅ ታክሲ ይዘው ይመጣሉ። ስለዚህ እኔ የጾም ምረጡ ባይ ነኝ። ረቡዕና አርብ፣ ሁዳዴ፣ የነቢያት ጾም፣ ፍልሰታ፣ ሲደመር የዓመቱን ግማሽ ያህል ነው፣ ይሄን ያህል ገበያ ማን ይተዋል?

የሬዲዮ ማስታወቂያ ሰው፦ ያንቺ ጠንካራ ቃል ነው፣ የሰፈሩ መነሳት እንኳን አላፈረሰውም። ለእነሱ ግን እጠራጠራለሁ። የጾም ነው ካልሽ ዱቄቱ ብቻ አይደለም፣ ቅቤ የተቀባ ፓትራ፣ እንቁላል የነካ መምቻ፣ ፍርፋሪ ሁሉ ይቆጠራል፣ አንድ ክፍልና አንድ ምድጃ ያለው ቤት በፍስክ ቀን ምን ያደርጋል? አንዲት ጾመኛ እንቁላል የተቀባ ዳቦ ካገኘች ስህተት ብላ አታልፈውም።

ሰላም ከካዛንቺስ፦ ለዚህ ነው እኔ የጾም ፓትራዬን ለብቻ ያደረግኩት፣ በቀለም ምልክት አድርጌበታለሁ። ይቻላል፣ ወጪ ነው እንጂ።

የፒያሳ ልጅ፦ እሺ የሰዓቱ ይሁን፣ ግን «ካልደረሰ በነጻ» በሉበት፣ ያ ነው ሰው የሚያወራው። ፒዛዎቹ አሜሪካ እንደዚያ ብለው አይደል ያደጉት?

የሬዲዮ ማስታወቂያ ሰው፦ ዶሚኖስን ነው የምትለው፣ በ30 ደቂቃ ይደርሳል ብሎ ነበር፣ ልክ ነህ አሳድጎታል። በፈረንጆች 1993 ግን ከአንድ አድራሽ መኪና አደጋ ጋር በተያያዘ ትልቅ ካሳ ከተፈረደበት በኋላ ተወው። ቃሉ ሠራተኛውን የሚያሯሩጥ ከሆነ ዋጋው ሌላ ቦታ ይወጣል። እዚህ ቢሆን ጋጋሪው ያልበሰለ ዳቦ 11 ሰዓት ላይ ያወጣልሃል፣ ሰዓቱ ተጠብቆ ሆዱ ጭቃ። ስለዚህ በነጻ አትበሉ። መብራት ሲጠፋ በር ላይ «ዛሬ የከሰዓት ዳቦ የለም» ብላችሁ ጻፉ፣ የጠዋቱን በሌላ መደርደሪያ በቅናሽ ሽጡት፣ ስሙንም የጠዋት ዳቦ በሉት።

የልጆች እናት፦ በር ላይ ከጻፉልኝ እኔ አልቀየማቸውም። ወረፋ ይዤ ሳለ የጠዋቱን ሲቀላቅሉብኝ ነው የማልመለሰው።

ጋጋሪው፦ ማንም ባለቤት መጀመሪያ የሚፈተነው ደግሞ እዚያ ላይ ነው፣ 12 ሰዓት ተኩል ላይ የከሰዓቱ አልቆ አርባ የጠዋት ዳቦ መደርደሪያው ላይ እያለ ሰው ገንዘብ ይዞ ሲቆም።

መምህሩ፦ እንግዲህ አንድ ነገር ልበል። እኔ ዳቦ የምገዛው ከቤቴ ስር ካለው ነው፣ ምንም ቢጽፉ ሌላ ቦታ አልሄድም። ብዙው ሰው እንደኔ ነው። ይሄ ሁሉ ድካም ለማን ነው?

የሬዲዮ ማስታወቂያ ሰው፦ ለእርስዎ አይደለም፣ ልክ ነዎት። ቅርብ ያለው ሰው በቃል አይመጣም አይሄድምም። አራት ኪሎ ግን ከሥራና ከዩኒቨርሲቲ ወጥቶ በእግሩ አልፎ ሌላ ሰፈር የሚገባው ብዙ ነው፣ ቃሉ ለእሱ ነው። እሱ ስንት እንደሆነ ግን እኔም ከዚህ ሆኜ መናገር አልችልም፣ ቤቱ ነው የሚያውቀው። ስለዚህ የአራት ኪሎው፣ ባነሩን ገና አታሠራ። ለሁለት ሳምንት ደብተር ያዙ፣ ከ10 ሰዓት በኋላ የገባው ሰው ምን ጠይቆ ምን ሳያገኝ ወጣ፣ ማታ ስትዘጉ ምን ተረፈ፣ መብራት በስንት ሰዓት ጠፋ። የሰዓቱን ዳቦ ሳታስታውቁ ጋግሩት። ከአሥራ ሁለት የሥራ ቀን አሥሩን እንኳን በሰዓቱ ካላወጣችሁት ቃሉ የእናንተ አይደለም፣ ወደ ግራሙ ሂዱ፣ ግራም መብራት አይፈልግም።

የአራት ኪሎው ዳቦ ቤት፦ እህቴን አስነበብኳት። የከሰዓቱን እንሞክረው ብላለች፣ ግን ምድጃው ከሰዓት ዳቦ ላይ ከዋለ ቦምቦሊኖውና ኬኩ ወደ ጠዋት ይገፋሉ፣ ኬኩ ደግሞ ከዳቦው የተሻለ ያተርፋል ትላለች። ይሄን ያላሰብነው ነው።

ሰላም ከካዛንቺስ፦ ቦምቦሊኖው በዘይት ነው የሚጠበሰው፣ ምድጃ ምን ያደርግለታል? ኬኩን ከዳቦው በኋላ ጠዋት 2 ሰዓት ላይ አስገቡት፣ ምድጃው እየበረደ ሲሄድ ለኬክ ይስማማል። በትርፉ ግን እህትህ ልክ ናት፣ እኔም ብሆን ኬኬን ለዳቦ አልሰዋም።

ጋጋሪው፦ ለ7 ሰዓት ተኩሉ ማን ነው የሚያቦካው? መጀመሪያ ሰው ፈልጉ።