ትኩሳቱ ለቋታል፣ ሐኪሞቹ ግን ኮሎኖስኮፒ ካልተደረገ ይላሉ

ሜሮን (ሲልቨር ስፕሪንግ)፦
ጤና ይስጥልኝ። እናቴ 68 ዓመቷ ነው፣ ግሪን ካርድ ይዛ ከአዲስ አበባ ከመጣች ገና ዓመት አልሞላትም። ከሦስት ሳምንት በፊት ከእምብርቷ በታች በግራ በኩል ወጋኝ አለች። ንፋስ ነው ብላ ሁለት ቀን ቻለችው፤ በሦስተኛው ትኩሳቷ 38.6 ሲደርስ ኢመርጀንሲ ወሰድኳት። ሲቲ ስካን አነሷትና ዳይቨርቲኩላይተስ ነው፣ ትልቁ አንጀቷ ላይ ያሉ ትናንሽ ኪሶች ተቆጥተዋል አሉን። መግል አልቋጠረም፣ አንጀቱም አልተበሳም ተባልን። ኦግመንቲን የሚባል አንቲባዮቲክ አዘውላት ወጣን፣ ትኩሳቱም ብዙ ሳይቆይ ለቀቃት። አሁን በደንብ ትበላለች፣ እኔንም መቆጣት ጀምራለች።

ያስጨነቀኝ ሌላ ነገር ነው። የሲቲውን ውጤት ፖርታሉ ላይ ገብቼ ሳነበው መጨረሻው ላይ «ከሥሩ ዕጢ እንደሌለ በዚህ ምስል ማረጋገጥ አይቻልም፤ እብጠቱ ሲሽር ኮሎኖስኮፒ ይደረግ» ይላል። ካንሰር አይተው እየደበቁን ይሆን? እሷ ደግሞ «ድኛለሁ እኮ፣ ምን ቀራቸውና ነው ቱቦ የሚያስገቡብኝ» ብላ አሻፈረኝ ብላለች። ቀጠሮ ስጠይቅም ከአራት ወር በኋላ ነው የሚሉኝ።

እቴነሽ (ላስ ቬጋስ)፦
አይዞሽ ልጄ። ይሄ አሜባ ነው፣ እዚህ አገር አያውቁትም። ባለቤቴን እንዲሁ ግራ ጎኑን ይዞት፣ አንዴ ሲያደርቀው አንዴ ሲያስቀምጠው ከርሞ ከአገር ቤት የመጣ ፍላጂል ሰጥቼው በአራት ቀኑ ተነሣ። አድራሻሽን ላኪልኝ፣ ተርፎኛል።

ጋሽ ታደሰ (ዴንቨር)፦
እኔ ይህ በሽታ ሁለት ጊዜ ይዞኛል። ሐኪሜ ቆሎ፣ ፈንዲሻና ሰሊጥ እንዳትቀምስ ብሎኛል። ፍሬው አንጀት ውስጥ ያሉት ኪሶች ውስጥ ገብቶ ይቀረቀራል። እናትሽን ቆሎ አስተዪአት፣ ሌላው ሁሉ ቀላል ነው።

ሲስተር ሐና (ሚኒያፖሊስ)፦
ሜሮን፣ ዓመታት ኢመርጀንሲ ሠርቼ አሁን ኢንዶስኮፒ ክፍል ነው ያለሁት። የደበቁሽ ነገር የለም። ያ ዓረፍተ ነገር በብዙ ሰው ሪፖርት ላይ ይጻፋል። የቆጣ አንጀትም ዕጢ ያለበት አንጀትም ሲቲ ላይ ግድግዳው ወፍሮ ነው የሚታየው። የወፈረው ክፍል ረጅም ከሆነና ዙሪያው ያለው ስብ ከተቆጣ ወደ ዳይቨርቲኩላይተስ ያደላል። አጭር ሆኖ ጫፉ ድንገት የሚቆም ከሆነ፣ አጠገቡ ያሉት ንፍፊቶችም ካበጡ፣ ዕጢ ያስጠረጥራል። ግን ሁለቱ ይደራረባሉ፤ ስለዚህ ምስሉን የሚያነበው ሐኪም በዓይን ይታይ ብሎ ይጽፋል።

እንደ እናትሽ መግልና መበሳት ከሌለባቸው መቶ ሰዎች ካንሰር የሚገኝባቸው አንድ ወይም ሁለት ቢሆኑ ነው። መግል ከቋጠረ ወይም ከተበሳ ወደ ስምንት ይጠጋል። ስለዚህ ቁጥሩ ከእናትሽ ጋር ነው። ግን ሦስት ነገር ልጠይቅሽ። የሰገራዋ ሁኔታ የተለወጠው ከትኩሳቱ ጋር ነው ወይስ ከዚያ በፊት? የደም ምርመራው ላይ ሄሞግሎቢኗ ስንት ነው? ክብደቷስ?

እትዬ እቴነሽ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና ፍላጂሉን አይላኩ። ፍላጂል ከሲፕሮ ጋር ሆኖ ለዳይቨርቲኩላይተስም ይሰጣል። ስለዚህ ባለቤትዎ በፍላጂል መሻላቸው አሜባ እንደነበረ አይነግረንም። ዕጢ ዙሪያውን ሲመረቅዝም እኮ በእነዚሁ መድኃኒቶች ትኩሳቱ ይወርዳል፣ ሕመሙም ይቀላል፣ ዕጢው ግን እዚያው ነው። የሜሮን እናት «ድኛለሁ» ማለታቸውን ብቻውን የማልቀበለው በዚህ ምክንያት ነው። ጋሼስ ከዚያ ወዲህ ታይተው ያውቃሉ?

ሜሮን፦
ተባረኪ። ሆዷ የተቀየረው ከሦስት ወር በፊት ነው። አራት ቀን ይደርቅባትና ከዚያ ያጣድፋታል፤ የዚህ አገር ምግብ አልተስማማኝም ትል ነበር። ሄሞግሎቢኗ 10.4 ይላል፤ ኤም ሲ ቪ የሚለው 74 ሆኖ በቀይ ተጽፏል። ቀሚሷ ሰፍቷታል፣ እሷ ግን ጾም ስለነበር ነው ትላለች።

ሲስተር ሐና፦
እንዲህ ከሆነ ነገሩ ይለያል። ዳይቨርቲኩላይተስ በቀናት ውስጥ የሚነሣ ነገር ነው፤ ሦስት ወር የቆየውን የሆድ መቀያየር አይገልጸውም። ደሙም እንዲሁ። 74 ማለት የቀይ የደም ሴሎቿ መጠን አንሷል ማለት ነው፣ የሦስት ቀን ትኩሳት ደግሞ ሴል አያሳንስም። አብዛኛውን ጊዜ የብረት እጥረት ነው፤ የወር አበባ ካቆመች ከዓመታት በኋላ ብረት ካነሰ ደም ከሆድ ዕቃ በቀስታ እየፈሰሰ እንዳይሆን መታየት አለበት። በሰውነቷ የተጠራቀመውን ብረት የሚያሳየውን ፌሪቲን እንዲለኩላት ጠይቂ። ይህ ምርመራ ግን ሰውነት ሲቆጣ ከፍ ስለሚል አሁን «ደህና» ቢወጣ አትዘናጊ፣ በሳምንታት ውስጥ ይደገም።

ይህ ሁሉ ካንሰር ነው ማለት አይደለም። ኪንታሮትም፣ የጨጓራ ቁስልም፣ ጉዳት የሌለው ፖሊፕም ሊሆን ይችላል። ግን አራት ወር የሚጠበቅ አይደለም። ኮሎኖስኮፒው ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት ይቆይ የሚባለው አሁን የተቆጣው ግድግዳ በቀላሉ የሚጎዳ ስለሆነ ነው፤ አየር ተነፍቶበት ቱቦ ሲያልፍ ሊበሳ ይችላል። እንደ እናትሽ ዓይነት ምልክት ሲኖር ግን ከዚያ ቀደም ብለው የሚያዩም አሉ። ተቀባይዋን ከመለመን የቤተሰብ ሐኪሟ ራሱ ወደ አንጀት ሐኪሙ ይደውል። ማስተላለፊያው ላይ «ዳይቨርቲኩላይተስ» ብቻ ከተጻፈ ተራ ትጠብቃላችሁ። «ሲቲ ላይ ዕጢ ያልተለየ፣ የደም ማነስ፣ የሦስት ወር የሰገራ ለውጥ» ተብሎ ሲጻፍ ወረፋው ይለወጣል።

እስከዚያው ትኩሳቱ ከተመለሰ፣ ሆዷ ከደረቀና ሲነካ ከጮኸች፣ ካስመለሳት፣ ፈስም ሰገራም እምቢ ካለ፣ ወይም ብዙ ደም ካየች ኢመርጀንሲ ነው።

ዳዊት (ዳላስ)፦
ቱቦውን ከፈራች ሰገራ በፖስታ የሚላክበት ኮሎጋርድ አለ እኮ፣ እኔ ቤቴ ሆኜ ነው የላክሁት። ኮሎኖስኮፒውም ቢሆን ከ45 ዓመት በላይ ለሆነ ሁሉ ኢንሹራንስ በነጻ ይሸፍናል።

ሰላም (አትላንታ)፦
የምሠራው ቢሊንግ ላይ ነው። ዳዊት ያልከው ምልክት ለሌለው ሰው፣ ለቅድመ ምርመራ ነው። ሲቲ ላይ የታየን ነገር ለማጣራት ሲሆን ኮዱ ይለያል፤ ዲዳክቲብሉና ድርሻዋ ሊመጣባት ይችላል። ሜሮን፣ አስቀድመሽ ሁለቱ ጋ ደውዪ፤ ኢንሹራንሱንም የሆስፒታሉን የፋይናንሻል አሲስታንስ ክፍልም። ለትርፍ ያልተቆመ ሆስፒታል የእርዳታ ፖሊሲ እንዲኖረው በሕግ ይገደዳል፣ ማመልከቻውን ግን ካልጠየቅሽ ብዙ ጊዜ ማንም አያነሣልሽም።

ሲስተር ሐና፦
ስለ ኮሎጋርድ ደግሞ፣ ምልክት ላለበት ሰው አልተሠራም። ኔጌቲቭ ቢል እናትሽን አያሳርፈንም፣ ፖዚቲቭ ቢል መጨረሻው ያው ኮሎኖስኮፒ ነው።

ቢኒ (ፍራንክፈርት)፦
እዚህ የባለቤቴ አባት ተመሳሳይ ሕመም ይዟቸው በአልትራሳውንድ ነው የታዩት። አንቲባዮቲክም አልሰጧቸውም፤ ሾርባና የሕመም ማስታገሻ ብቻ ሰጥተው በሁለተኛው ቀን ደም ደግመው አዩ። አሜሪካ ሁሉን ነገር ታበዛላችሁ። ለመቶ ሰው አንድ ካንሰር ፍለጋ ሁሉን አዛውንት ቱቦ ማስገባት ልክ ነው?

ሲስተር ሐና፦
ቢኒ፣ ስለ አንቲባዮቲኩ እውነትህን ነው። ስዊድንና ኔዘርላንድስ የተደረጉ ጥናቶች ቀላል ዓይነቱ ያለ አንቲባዮቲክም እንደሚሽር አሳይተዋል፤ እዚህም ሌላ ሕመም ለሌለው ሰው እየቀረ ነው። ለሁሉም ኮሎኖስኮፒ የሚለው ላይ ግን ሐኪሞቹ ራሳቸው አልተስማሙም። ቅርብ ጊዜ ጥሩ ኮሎኖስኮፒ ላደረገ ሰው አያስፈልግም ብዬ አምናለሁ። እማማ ግን አድርገው አያውቁም፣ በዚያ ላይ ደማቸው አንሷል። እዚህ ላይ አልከራከርህም፣ ይደረግ ነው የምለው።

ቢኒ፦
ለእሳቸው እሺ። በጠቅላላው ግን አልተዋጠልኝም።

ጋሽ ታደሰ፦
ቆሎውን ዘላችሁት።

ሲስተር ሐና፦
አልዘለልኩትም ጋሽ ታደሰ። የእርስዎ ሐኪም የነገረዎት ለብዙ ዓመት ሁላችንም የምንናገረው ነበር። በ2008 የወጣና ከ47 ሺህ በላይ ወንዶችን ለ18 ዓመት የተከታተለ ጥናት ግን ለውዝና ፈንዲሻ የሚያዘወትሩት ሰዎች ላይ በሽታው በዝቶ አላገኘውም። ሕመሙ በሚያጣድፍባቸው ቀናት ፈሳሽ ነገር ይሻላል፤ ካለፈ በኋላ ቆሎ ጠላት አይደለም። እኔ ይልቅ የምፈራው አይቡፕሮፌንን፣ አድቪል የሚባለውን ነው። በሽታውን ሊያስነሣ፣ እንዲበሳም ሊያደርግ ይችላል። ሜሮን፣ እናትሽ ለጉልበት ትወስዳለች?

ጋሽ ታደሰ፦
ጥናቱ የራሱን ይበል፣ እኔ ቆሎ በበላሁ ማግስት ነው ያመመኝ። አድቪል ግን በየቀኑ እውጣለሁ፣ ስለዚህ የነገረኝ ሰው የለም።

ሜሮን፦
አዎ፣ እሷም ለጉልበቷ አድቪል ትወስድ ነበር። አሁን ታይሌኖል ሰጥቻታለሁ፣ ሐኪሟንም እጠይቃለሁ።

አዲስ ነገር ልንገራችሁ። የቤተሰብ ሐኪሟ ጋ ገባን፤ እኔ ላስተርጉም ስል ሐኪሟ አይሆንም ብላ በስልክ አማርኛ ተርጓሚ አገናኘቻት። እናቴ ለማታውቃት ሴት ከበዓሉ በፊት ሁለቴ ደም እንዳየች ነገረቻት። ለኔ ኪንታሮት ነው ብላ ደብቃኛለች! ሐኪሟ እዚያው ሆና ደወለች፤ ቀጠሮው ሰባተኛው ሳምንት ላይ ሆነ። እናቴም «ተኝቼ ከሆነ ይሁን» ብላለች። ፌሪቲኗ 9 ወጣና የብረት ክኒን ጀመረች። ከኮሎኖስኮፒው በፊት የሚጠጣው የአንጀት ማጽጃ ወረቀት ላይ ስለ ብረት ክኒን ምንም የለም፣ ትቀጥል?

ሲስተር ሐና፦
ክፍሉን ደውለሽ አረጋግጪ፤ እኛ ጋ ከአንድ ሳምንት በፊት እናስቆማለን። ብረት የአንጀት ግድግዳ ላይ ጥቁር ሆኖ ይለጠፋል፣ ሐኪሙ በደንብ አያይም። የጤፍ እንጀራና ጎመንም ሦስት አራት ቀን ቀደም ብላ ትተው፣ ነጭ ሩዝና እንቁላል ይሻላል። ዋዜማውን ጥርት ያለ ፈሳሽ ብቻ፣ ቀይ ቀለም ያለው ነገር አይሁን። የማጽጃው ግማሽ ማታ፣ ግማሹ ሌሊት ተነሥታ ነው የሚጠጣው። ያንን የሌሊቱን የሚዘልሉት ሰዎች ናቸው ተመልሰው እንደገና የሚቀጠሩት፣ አንቺ ማንቂያ ሙዪ።

የደም ማቅጠኛ ወይም የስኳር መድኃኒት ትወስዳለች?

ሜሮን፦
የግፊት ብቻ ነው።

ሲስተር ሐና፦
የግፊቱን ጠዋት በትንሽ ውኃ ትውሰድ ይላሉ ብዙዎቹ፤ ስትደውዪ ስሙን ንገሪያቸው፣ ሽንት የሚያሸና ዓይነት ከሆነ ለዚያ ቀን ሊያስቀሩት ይችላሉ።

እቴነሽ፦
ሲስተር፣ ባለቤቴ 71 ነው፣ ታይቶ አያውቅም። በውስጥ መስመር ልጻፍልሽ?