«ዕቃው አልደረሰኝም» ብላ በባንኳ ገንዘቧን ጠየቀች፤ ምን ማስረጃ ልያዝ?

የሸማ ሱቅ፣ ባሕር ዳር (ጠያቂ)

ጣና ዳር ትንሽ የሸማ ሱቅ አለኝ። ጥር 14 አንዲት ጀርመናዊት በፖስ ማሽን 34,200 ብር ከፍላ ሁለት ነጠላ በእጇ ይዛ ሄደች። ጋቢውንና የአልጋ ልብሱን በኢኤምኤስ ላክሁላት። መጋቢት 8 ከባንኬ ተደውሎ «ዕቃው አልደረሰኝም ብላ ቻርጅባክ አስገብታለች፤ ገንዘቡ ከሒሳብሽ ተቀንሷል፤ የምትከራከሪ ከሆነ እስከ መጋቢት 17 ማስረጃ አምጪ» አሉኝ። የፖስ ስሊፑ አለኝ። ሌላ ምን ልያዝ?

የሆቴል ካሸር

እህቴ፣ አትጨነቂ። ካርዱ በቺፕ ገብቶ ፒን ከተመታ አለቀ፣ ማንም አያሸንፍሽም። እኛ ጋ አንድ እንግዳ «እኔ አልከፈልኩም» ብሎ ነበር። ስሊፑን ብቻ አስገባን፣ ገንዘቡ ተመለሰልን።

ካርድ ክፍል የሠራሁ

ካሸሩ የነገረሽ ለእሱ ጉዳይ ልክ ነው። እንግዳው «ካርዴን የተጠቀምኩት እኔ አይደለሁም» ስላለ ቺፑና ፒኑ መለሱለት። ያንቺዋ ሴት ግን መክፈሏን አልካደችም። «ከፍያለሁ፣ ዕቃው አልመጣም» ነው ያለችው። ስሊፑን ብቻ ብታስገቢ ማንም ያልጠየቀሽን መለስሽ ማለት ነው፤ የእሷ ባንክም «መክፈሏንማ እናውቃለን» ብሎ ይዘጋዋል። ብዙ ነጋዴ ገንዘቡን የሚያጣው እዚህ ላይ ነው።

ስለዚህ መጀመሪያ ባንክሽ ሄደሽ የቻርጅባኩን ምክንያትና ኮዱን በጽሑፍ ውሰጂ፤ በስልክ የሰማሽው አይበቃም። ካርዱ ቪዛ ሆኖ ዕቃ አልደረሰኝም ከሆነ 13.1 ይላል። 13.3 ካለ ክሱ ሌላ ነው፣ «የደረሰኝ ዕቃ የተባለው ዓይነት አይደለም» ማለት ነው። ኮዱን ካወቅሽ በኋላ በእጅሽ ያለውን ሁሉ፣ ይጎዳኛል ብለሽ የምትፈሪውንም ጨምረሽ ጻፊልኝ።

ቀበሌ 14

እኔም በሞባይል ገንዘብ በስህተት ሌላ ቁጥር ላይ ልኬ ነበር። ወዲያው ደውዬ አሳግጄው ተመለሰልኝ። ቶሎ ደውዪና አሳግጂ።

ካርድ ክፍል የሠራሁ

ወንድሜ፣ ያ አንተ ራስህ የላክኸውን ማስመለስ ነው። እዚህ ገንዘቡን የወሰደችው ገዢዋ ናት፣ በካርድ ሕግ መሠረት። የሚታገድ ነገር የለም፣ መልስ ነው የሚጠበቀው።

የሸማ ሱቅ፣ ባሕር ዳር (ጠያቂ)

ሄጄ ወሰድኩ፣ 13.1 ነው። ያለኝን ልዘርዝር። ስሊፑ ላስቲክ ውስጥ ነበር፣ ጽሑፉ ደብዝዟል። በእጅ የጻፍኩት ደረሰኝ «የባህል ልብስ 34,200» ብቻ ነው የሚለው። ሒሳቡ ሁለቱ ነጠላ 8,400፣ ጋቢው 7,500፣ የአልጋ ልብሱ 12,000፣ የፖስታው 6,300 ነበር። የፖስታ ቤቱ ደረሰኝ አለኝ፣ ጥር 18 የተላከ። ትራኪንጉ ጥር 29 ደርሷል ይላል፣ የተረከበው ሰው ስም ግን የእሷ አይደለም። አድራሻውን ራሷ ደብተሬ ላይ ጽፋልኝ ነበር። አሁን ሳየው የቤቱ ቁጥር 14 ይሁን 74 አልለየኝም፤ እኔ 74 ብዬ ነው የላክሁት።

የፈራሁት ደግሞ ይሄ ነው። የካቲት 5 በዋትሳፕ «የትልቁ ቀይ ጥለት በመጀመሪያው እጥበት ነጩ ላይ ቀለም ለቀቀ» ብላ ጽፋልኛለች። አዝኜ «በቀዝቃዛ ውኃ ለብቻው እጠቢው» ብዬ መለስኩላት። ከዚያ ወዲህ ዝም አለች። ይህን ካሳየሁ ዕቃዬ መጥፎ ነው ማለቴ አይሆንም?

ካርድ ክፍል የሠራሁ

እህቴ፣ የፈራሽው መልእክት ነው የሚያድንሽ። ያልደረሰ ዕቃ አይታጠብም። የካቲት 5 አጥባው ከነበረ ጥር 29 ደርሷል የሚለው ትራኪንግ እውነት ነው ማለት ነው፤ የተረከበው ጎረቤት ይሁን ሌላ ሰው፣ ዕቃው እጇ ገብቷል።

አንድ ነገር ግን አስተውዪ። ሁለቱን ነጠላ በእጇ ይዛ ነው የሄደችው። ነጠላም ጥለት አለው፣ ይታጠባል። «ያጠብኩት ነጠላውን ነው» ብትል ምን ትመልሺያለሽ? «ትልቁ» የአልጋ ልብሱ መሆኑ ከጽሑፉ መታየት አለበት። ከመላክሽ በፊት ዕቃውን ፎቶ አንስተሽ ልከሽላት ከነበረ፣ ቀይ ጥለቱ በየትኛው ላይ እንደሆነ ያ ፎቶ ይናገራል።

የሸማ ሱቅ፣ ባሕር ዳር (ጠያቂ)

ጥር 17 ፎቶ ልኬላታለሁ! ቀይ ጥለት ያለው የአልጋ ልብሱ ብቻ ነው። ነጠላዎቹ ሁለቱም አረንጓዴ ናቸው፤ እነሱን ለብሳ ሱቁ በር ላይ የተነሳችውን ፎቶም ራሷ ልካልኛለች።

ካርድ ክፍል የሠራሁ

እንግዲያው ጉዳይሽ ቆሟል። አሁን አደራረጉ ላይ እንሂድ።

የዋትሳፑን ንግግር ከጥር 14 እስከ መጨረሻው ሳትቆርጪ ስክሪንሾት አንሺ። በየገጹ ስልክ ቁጥሯና ቀኑ ይታይ። «ማርያ ደንበኛ» ብለሽ መዝግበሻት ከሆነ ስም እንጂ ቁጥር አይታይም፤ ስሟን ተጭነሽ ቁጥሩ የሚታይበትን ገጽም አንሺ። ያ ቁጥር ፖስታ ቤቱ ቅጽ ላይ የተቀባይ ስልክ ብለሽ ከሞላሽው ጋር አንድ ከሆነ፣ የጻፈችው ሌላ ሰው ናት ማለት አይችሉም። የማይጥምሽን መልእክት ቆርጠሽ አታስቀሪ። የእሷ ባንክ ሙሉውን ከእሷ ስልክ ሊያይ ይችላል፤ አንዱ ጎድሎ ከተገኘ ሌላውም አይታመንም።

ቀን ላይ ተጠንቀቂ። የፖስ ስሊፑ በፈረንጅ ቀንና በ24 ሰዓት ነው የሚያትመው፤ አንቺ በእጅ የጻፍሽው በእኛ ነው። ጀርመን ያለው ሠራተኛ ጥር 14ን የሚያውቅበት መንገድ የለም። ጥር 14 ጃንዋሪ 22፣ ጥር 18 ጃንዋሪ 26፣ ጥር 29 ፌብሩዋሪ 6፣ የካቲት 5 ፌብሩዋሪ 12 ነው። ስሊፑ 16:20 ካለ በእኛ 10 ሰዓት ከ20 ነው። አንድ ቀን ከተምታታ «ከመላኩ በፊት ደረሰ» የሚል ወረቀት ይወጣልሽና ሁሉንም ያበላሻል።

ስሊፑ ሙቀትና ላስቲክ የማይወድ ወረቀት ነው፣ ባሕር ዳር ላይ ደግሞ ቶሎ ይጠፋል። ጨርሶ ሳይጠፋ ዛሬውኑ በጥሩ ብርሃን ፎቶ አንሺውና ኮፒ አድርጊው። ካልተነበበ በቀኑ፣ በገንዘቡ መጠንና በማሽንሽ ቁጥር ባንክሽ ከሲስተሙ ያወጣልሻል። ስሊፑ ላይ `RRN` ተብሎ የተጻፈው ቁጥር ከተረፈ ፍለጋው ይፈጥናል።

በደረሰኙ ላይ አሁን ዝርዝር ጨምረሽ እንዳትጽፊበት። እንደነበረ ኮፒ አድርጊውና በሌላ ወረቀት የዛሬን ቀን ጽፈሽ ዝርዝሩን አስረጂ። ይህ ለምን ያስፈልጋል? እሷ 34,200ውን በሙሉ ነው የጠየቀችው። ሁለቱን ነጠላ ግን ሱቅሽ በር ላይ ለብሳ ተነሥታለች። በሌላው ብትሸነፊ እንኳ 8,400ው «አልደረሰኝም» ሊባልበት አይችልም፤ ይህን ለብቻው ጥቀሺ።

ሁሉንም በአንድ ገጽ የእንግሊዝኛ ደብዳቤ አስጀምሪው። መቼ ሸጥሽ፣ ምን በእጅ ሰጠሽ፣ ምን ላክሽ፣ መቼ ደረሰ፣ መቼ «ታጠበ» አለች፤ ከእያንዳንዱ ጎን የማስረጃው ገጽ ቁጥር። የሚያነበው ሰው ጊዜ የለውም። ስለ ኑሮሽና ስለ ጠባይዋ አንድም መስመር አትጻፊ።

ጀልባ አለኝ

እኔ በማስረጃ እጦት የተሸነፍኩ ስለሆንኩ ልናገር። ሁለት ባልና ሚስት ወደ ክብራን ገብርኤልና ዘጌ ሊሄዱ በካርድ ከፈሉ። ክብራን ሴት እንደማትገባ በቃል ነግሬያቸዋለሁ፤ ሚስትየዋ ጀልባ ላይ ቆየች፣ ከዚያ ዘጌ ዑራ ኪዳነ ምሕረትን አብረው አዩ። አገራቸው ገብተው «የተባለው አገልግሎት አልተሰጠንም» አሉ። እኔ የነበረኝ ቃል ብቻ ነው። አሁን ይህን በእንግሊዝኛ ጽፌ ሳላስፈርም አንድ ሰው አላሳፍርም። ልጄ፣ አንቺ የተጻፈ ነገር አለሽ፣ በርቺ።

የሆቴል ካሸር

ጋሼ፣ አዝናለሁ። እኔ የምለው ግን የአልጋ ልብሱ እውነት ቀለም ከለቀቀ 12,000ውን ብትመልስላትና ቢያበቃስ? ደውላ ብትስማማ።

ካርድ ክፍል የሠራሁ

መስማማት ይቻላል፤ ነገር ግን ቻርጅባኩ ክፍት እያለ በሌላ መንገድ ገንዘብ መላክ አደገኛ ነው። እህቴ፣ ብሩ አስቀድሞ ከሒሳብሽ ተቀንሷል፣ ለአንድ ዕቃ ሁለቴ ትከፍያለሽ። ከተስማማችሁ ገዢዋ ራሷ ለባንኳ «ጥያቄዬን ትቻለሁ» ብላ ትጻፍ፣ የጻፈችውንም ትላክልሽ፤ የሚመለሰው ከዚያ በኋላ፣ በዚያው ካርድ፣ በባንክሽ በኩል ይሁን። ድርድሩ የመጋቢት 17ን ቀን አያራዝመውም። መልሱን አስገቢ፣ ጎን ለጎን ተነጋገሩ።

የሸማ ሱቅ፣ ባሕር ዳር (ጠያቂ)

የቤቱን ቁጥር ነገርስ? 14 ከነበረ ጥፋቱ የእኔ አይደለም እንዴ? ደብተሩን ባላሳይስ?

ካርድ ክፍል የሠራሁ

አሳዪው። ጀርመኖች 1ን ሲጽፉ ከላይ ረጅም ጭረት ያደርጉበታል፣ ለእኛ ዓይን 7 ይመስላል። የራሳቸውን 7 ደግሞ ብዙዎቹ መሐሉን ይሰርዙታል። ያንቺ ደብተር ላይ መሐሉ ካልተሰረዘ 14 ሊሆን ይችላል፤ በሌላ ስም መፈረሙም በዚያ ይገለጣል። «በእጇ የጻፈችውን 74 ብዬ አነበብኩ፣ ዕቃው ግን እንደደረሳት የካቲት 5 የጻፈችው ያሳያል» በይ። ራስሽ ካልገለጽሽው የፈራሚውን ስም እነሱ ያነሱብሻል።

በዚህ ነጥብ ምን እንደሚወስኑ ግን ልነግርሽ አልችልም። አንዳንዱ ባንክ ትራኪንጉ ላይ ያለውን ስም ብቻ ይዞ ድርቅ ይላል። ሌላም ሊመጣ ይችላል። 13.1 ሲወድቅባት በ13.3 «ቀለም ለቀቀ» ብላ ልትመለስ ትችላለች። ለዚያ ሱቅሽ ገብታ ዕቃውን በዓይኗ አይታ መምረጧና ስለ አስተጣጠቡ የነገርሻት ነገር ይጠየቃል። ሲሸጥ ስለ አስተጣጠብ ተናግረሽ ነበር?

የሸማ ሱቅ፣ ባሕር ዳር (ጠያቂ)

አልተናገርኩም። እሷ ከጻፈችልኝ በኋላ ነው።

ዛሬ መጋቢት 15 አሥራ አንድ ገጽ አስገባሁ። በእኔ ኮፒ ላይ የገቢ ማህተምና ቀን አስመትቻለሁ፣ በኢሜይልም ልኬዋለሁ። ፖስታ ቤት ደግሞ የተረከበው ሰው የፈረመበትን እንዲያመጡልኝ ማመልከቻ አስገብቻለሁ፣ ከጀርመን መጠየቅ አለበት ብለዋል። በደረሰ ጊዜ እጨምረዋለሁ። ሽማኔዬን ስለ ቀዩ ድር ነገርኩት፤ ካሁን በኋላ ቀዩን አጥቦ ነው የሚሸምነው።