ፓምፑ በ5 ደቂቃ መቆም ሲገባው አልቆም አለኝ (ATmega328P)

የሳቢያን ልጅ፦ አቦ ድረሱልኝ! ለአባቴ የፓምፕ ታይመር ሠራሁ። 5 ደቂቃ ሠርቶ መቆም ሲገባው 1 ሰዓት ከ20 ሠራ። ሮቶው ሞልቶ ግቢው ጭቃ ሆነ፣ አባቴ አኩርፏል። አዲስ ቺፕ ነው፣ ባለ 16 ሜጋኸርዝ ክሪስታል አለው። ኮዱ ቦርዱ ላይ ልክ ነበር። ክሪስታሉ ፎርጅድ ነው አይደል?

ከዚራ፦ ፎርጅድ ነው። ቀይረው።

ጀጎል፦ አይደለም። 80 ደቂቃን ለ5 አካፍል፣ ልክ 16 ይመጣል። የተበላሸ ክሪስታል እንዲህ ድፍን ቁጥር አይሰጥም። ዳታሺቱ ላይ የክሎክ ምዕራፍን ክፈትና "Default Clock Source" የሚለውን አንብብ። ቺፑ ከፋብሪካ ሲወጣ በውስጡ ባለው 8 ሜጋኸርዝ ነው የሚሄደው፤ እሱንም CKDIV8 ለ8 ያካፍለዋል። 1 ሜጋኸርዝ ቀረህ። ክሪስታልህን ዞር ብሎም አላየውም።

ድሬ ሙቀት፦ F_CPU 8000000 አድርገው፣ ያልቃል።

ጀጎል፦ አያልቅም፣ 40 ደቂቃ ይሠራል። መጀመሪያ ፊውዙን አንብብ፦

```
avrdude -c stk500v1 -P COM5 -b 19200 -p m328p -U lfuse:r:-:h
```

የሳቢያን ልጅ፦ 0x62 አለኝ። ግን እኮ CKDIV8 ቢቱ 0 ነው፣ ጠፍቷል ማለት አይደል?

ጀጎል፦ ሁሉም እዚች ጋ ይሸወዳል። ፊውዝ ላይ 0 ማለት በርቷል ማለት ነው። ሠንጠረዡ ሥር በደቃቅ ፊደል ጽፈውታል። ክሪስታሉ 9ኛና 10ኛ እግር ላይ መሆኑን አይተህ 0xFF ጻፍ። ሳይኖር ከጻፍክ ቺፑ ክሎክ ያጣል፣ ፕሮግራመሩም አያገኘው።

ድሬ ሙቀት፦ 0xE2 ይሻላል። 8 ሜጋኸርዝ፣ ያለ ክሪስታል።

ጀጎል፦ ለፓምፕ ይበቃል፣ ያኔ የአንተ F_CPU ልክ ይሆናል። ግን ፋብሪካው የሚሰጠው ልኬት በ3 ቮልትና በ25 ዲግሪ ነው፣ እሱም እስከ 10 በመቶ ሊስት ይችላል። የድሬ ግንቦት ደግሞ 25 ዲግሪን አያውቅም። ለመሆኑ ስንት ቮልት ነው የምትሰጠው? በ3.3 ከሆነ የፍጥነት ግራፉ ከ13 ሜጋኸርዝ ብዙም አያሳልፍህም፣ 16 ከመስመር ውጭ ነው።

ከዚራ፦ የኔ ፓምፕ ደግሞ ጭራሽ አይነሳም። ሪሌዩን በቀጥታ እግሩ ላይ ነው ያሰርኩት።

ጀጎል፦ ወንድሜ፣ ያቺ ሰማያዊ ባለ 5 ቮልት ሪሌይ 70 ሚሊአምፕ ገደማ ትጠጣለች። ዳታሺቱ ላይ ያለው 40 የአንድ እግር የመጨረሻ ወሰኑ ነው፣ የሥራ ቁጥሩ አይደለም። ትራንዚስተር ጣልቃ አስገባ፣ በኮይሉ ላይ ዳዮድ አትርሳ።

የሳቢያን ልጅ፦ 0xFF ጻፍኩ፣ ገባ። ፓምፑን ማታ እሞክራለሁ፣ አሁን መብራት ሄደ።

ከዚራ፦ ዳዮዱ በየት በኩል ነው የሚዞረው?

ድሬ ሙቀት፦ የሳቢያን ልጅ፣ ሦስት ቀን ሆነ እኮ። ሮቶው ወሰደህ እንዴ?