ከዚህ ግጥም የቱን ስንኝ ላውጣ? የቱን ላጠንክር?

የሰባ ደረጃዋ

ሰላም ለሁላችሁ። ይህን ግጥም የጻፍኩት ስለ ፈረሰው ሰፈራችን ነው፣ ፒያሳ ዶሮ ማነቂያ። ቅዳሜ አራት ኪሎ ከጓደኞቼ ጋር የግጥም ምሽት አለን፣ እዚያ ላነበው ነው። መሃሉ ላይ ሲደክም ይሰማኛል፣ የቱ ጋ እንደሆነ ግን መለየት አቃተኝ። ሦስተኛው ስንኝ ላይ ደግሞ ሁሌ ምላሴ ይያዛል። የቱ ይውጣ? የቱ ይስተካከል? ሳትራሩ ንገሩኝ።

ዝናብ ሲደበድብ ያን ቆርቆሮ ክዳን
እማዬ ተነስታ ስትሄድ ወደ ኪዳን
በግድግዳው ቀዳዳ ሲኒ ስንቀባበል
ፍቅራችን እንደ ወንዝ ሲፈስ ሳይከለከል

ዛሬ ግን ያ ሰፈር ፈርሶ ሜዳ ሆነ
ልቤ እንደ ብርጭቆ ተሰብሮ ባከነ
እንባዬ እንደ ክረምት ጎርፍ ሆኖ ወረደ
ትዝታዬ ሁሉ በእሳት ነደደ

አስፋልቱ ላይ ቆሜ በሩን ብፈልገው
የመንገድ መብራት ነው ደፉ ላይ የቆመው
አንተ ሰው አስተውል ሁሉም ነገር ያልፋል
የነበረው ሁሉ ተረት ሆኖ ይቀራል

ኪያ

ችግሩ ምጣኔው ነው። ቁጭ ብዬ ቆጠርኩልሽ። አንደኛው ስንኝ 17 ፊደል አለው፣ ሁለተኛው 16፣ አምስተኛው 15። እንዲህ እየተዘበራረቀ እንዴት ምት ይኖረዋል? ሁሉንም 16 ላይ አምጪው፣ ይስተካከላል። ሌላው ደግሞ «ልቤ እንደ ብርጭቆ» የሚለው ይውጣ። ስንት ዘፈን ውስጥ ሰምተነዋል።

የኔታ

ኪያ፣ ብርጭቆው ላይ ልክ ነህ። ቆጠራው ግን በፊደል አይደለም። የሚቆጠረው አፍ የሚመታው ነው። «ዝናብ» ሦስት ፊደል ነው፣ ስትለው ግን ሁለት ምት ብቻ ነው፦ ዝ፣ ናብ። መጨረሻ ላይ ያለችው «ብ» የራሷ ምት የላትም፣ «ና» ላይ ተደግፋ ነው የምትወጣው። ጠረጴዛ በጣትህ እየመታህ በለው። ዝ–ናብ–ሲ–ደ–በ–ድብ፣ ስድስት። ትንሽ እረፍት። ያን–ቆር–ቆ–ሮ–ክ–ዳን፣ ስድስት። ሁለተኛውም ስድስት ስድስት ነው፣ አምስተኛውም። የወል ቤት ነው የጻፈችው፣ ምናልባት ሳታስበው በጆሮዋ መጥቶላት ይሆናል። ፊደሉን 16 ላይ እናምጣ ብለን ብንነካካው ደህናውን ስንኝ እናበላሸዋለን።

አሁን ሦስተኛውን ምቺው እህቴ። በ–ግድ–ግ–ዳው–ቀ–ዳ–ዳ። ሰባት ሆነ። ምላስሽ የሚያዘው እዚህ ነው። ጆሮ ሁለት ስንኝ ሙሉ ስድስት ላይ ማረፍ ለምዶ ነበር፣ ሰባተኛዋ ምት መጥታ እረፍቱን ገፋችው። አንቺም ሳታውቂው ለማካካስ ትሮጫለሽ። «በግድግዳ ሽንቁር» በይው፦ በ–ግድ–ግ–ዳ–ሽን–ቁር፣ ስድስት። ሽንቁር ደግሞ ከቀዳዳ ይጠባል፣ ሲኒ ብቻ የሚያሳልፍ መሆኑን ይናገራል።

ትርፍ ምት ሁሌ ጥፋት ነው እያልኩ አይደለም። ነገሩ የሚሰናከልበት ቦታ ላይ ምቱ ቢሰናከል ያምራል፣ ለምሳሌ «ዛሬ ግን» የሚለው ላይ። እዚህ ግን የምታወሪው ስለተለመደ፣ ስለሚፈስ ነገር ነው፣ በየቀኑ ስለሚደረግ ቅብብል። ምቱ ሲያነክስ ምስሉን ይቃወመዋል።

የሰባ ደረጃዋ

የኔታ እግዜር ይስጥልኝ። አሁን «ሽንቁር» ብዬ ጮክ ብዬ አነበብኩት፣ ወዲያው ተስተካከለ። መሃሉ ላይ ያለው ድካምስ? እሱም የምት ነው?

የኔታ

አይደለም፣ እሱ የምስል ነው። ከአራት እስከ ስምንት ያሉትን ምቺያቸው፣ ምታቸው እምብዛም ችግር የለበትም። ስድስተኛው ላይ «ልቤ እንደ» ሲባል «ልቤንደ» ተብሎ ይዋጣል፣ ስለዚህ ይገጥማል። ስምንተኛው ላይ ግን «በእሳት»ን ሳትውጪ ሙሉውን ካላልሽው አምስት ላይ ይቀርብሻል። እሱ ትንሽ ነገር ነው።

ዋናው ይህ ነው። በሦስተኛው ስንኝ አየሁ። ግድግዳ አየሁ፣ እጅ አየሁ፣ ሲኒ አየሁ። አራተኛው መጥቶ «ፍቅራችን» አለኝ። ቀድሜ ገብቶኛል እኮ! በግድግዳ ሽንቁር ሲኒ የሚቀባበል ሰው እንደሚዋደድ ማን ይነግረኛል? ወንዙ ደግሞ የዚህ ሰፈር አይደለም፣ የማንም ነው። እኔ የምፈትነው እንዲህ ነው፦ ስንኙን በእጄ እሸፍንና ሌላውን አነባለሁ። ምን ጎደለ? አራተኛው ሲሸፈን የሚጎድል ነገር የለም። ከዚያ ስንኙን አውጥቼ ሌላ ግጥም ውስጥ እከተዋለሁ። «እንባዬ እንደ ክረምት ጎርፍ» ስለ ፍቅረኛ ቢሆን፣ ስለ ስደት ቢሆን፣ ስለ ሞት ቢሆን ይገባል። «በግድግዳ ሽንቁር ሲኒ ስንቀባበል» ግን ካንቺ ግጥም ወጥቶ የትም ማደር አይችልም።

ሰባትና ስምንትን ጎን ለጎን አድርገሽ እያቸው። አንዱ ጎርፍ ነው፣ ቀጣዩ እሳት። እንባሽ ጎርፍ ሆኖ ከወረደ እሳቱ እንዴት ነደደ? ሁለቱ ምስሎች ይጠፋፋሉ። ጥንዱ ራሱን የቻለ ስለሆነ ሁለቱንም አውጪያቸው፣ ቤት የሚጎድልበት ስንኝ አይኖርም።

አራተኛው ላይ ግን ተጠንቀቂ። ዝም ብለሽ ካወጣሽው «ስንቀባበል» ቤት የሚመታላት ታጣለች፣ አድማጭም ቤቱን እየጠበቀ «ዛሬ ግን» ይመጣበታል። ስለዚህ እዚያ ቦታ ላይ ሌላ ስንኝ መጻፍ አለብሽ፣ መጨረሻው «ል»፣ ከ«ል» በፊት ያለው ፊደል ግዕዝ ቢሆን ይመረጣል፣ በል፣ ከል፣ ተል እንደሚለው። ክዳንና ኪዳን እንዴት እንደገጠሙልሽ አይተሻል አይደል? እዚያ «ዳን» ሙሉው ይመታል፣ ትርጉሙም ጣሪያንና ጸሎትን ያገናኛል። እሱን እንዳትነኪው።

የማታ ወፍ

እኔ የምለው፣ ከሙዚቃ ጋር ከሆነ ለምን ታወጫለሽ? እኔ ባለፈው በክራር ሳነብ «እንባዬ» የሚለውን ሦስቴ ደጋግሜ ነው ያልኩት፣ አዳራሹ ጸጥ ነው ያለው። ሰባተኛውን አዝማች አድርጊው። ክራሩ ይሸከመዋል።

የሰባ ደረጃዋ

ወንድሜ፣ ሙዚቃ የለም። ባዶ ድምፅ ነው፣ እኔና ወረቀቱ ብቻ።

የማታ ወፍ

እሺ፣ እንደዚያ ከሆነ አዝማቹን ተዪው። የመጨረሻዎቹን ሁለት ስንኞች ግን እንዳታወጪ። ሰው መልእክት ይዞ መሄድ ይፈልጋል። መብራት ቆመ ብለሽ ብታቆሚ ማለቁን ማን ያውቃል? ዝም ብለው ያዩሻል።

ዶሮ ማነቂያ ያደግኩ

የኔ እህት፣ እኔም እዚያው ነው ያደግኩት፣ ስለ እንባው ምንም አልልም። ሌላ ነገር ልጠይቅሽ። ኪዳን ጎህ ሳይቀድ ነው፣ እናትሽ ወጥታለች፣ ጊዮርጊስ ሄዳለች። ታዲያ ሲኒውን የሚቀባበለው ማን ነው? «ስንቀባበል» ትያለሽ፣ እነማን ናችሁ? እኛ ቤት ቡናው የሚፈላው እማማ ከቤተ ክርስቲያን ስትመለስ ነበር። ከግድግዳው ወዲያ ያለችውን ሴት አላየኋትም። ለእኔ ትልቁ ጉድለት እሱ ነው።

ደግሞ መብራቱ ጥሩ ነው። እኔም ሄጄ የበራችንን ቦታ ፈልጌ አጥቼዋለሁ። «ደፍ» የሚለውን ልጆች ላያውቁት ይችላሉ፣ አንቺ ግን እንዳትቀይሪው።

የኔታ

ይህ ጥሩ ጥያቄ ነው፣ እኔ አልፌው ነበር። በሁለተኛውና በሦስተኛው መካከል ሰዓት ያልፋል፣ ግጥሙ ግን አይናገርም። አዲሱ አራተኛ ስንኝ ሰዓቱን ቢይዝልሽ ሁለት ነገር ባንዴ ይፈታል።

የማታ ወፍ፣ መጨረሻው ላይ አልስማማም። «የመንገድ መብራት ነው ደፉ ላይ የቆመው» ከተባለ በኋላ «ሁሉም ነገር ያልፋል» ማለት ያየሁትን ነገር መልሶ ማስረዳት ነው። ያየሁት መብራት ይደበዝዝብኛል። ማለቁ እንዲታወቅ ከፈለገች አነባበቡ ላይ ትሥራበት። «የመንገድ መብራት ነው» ትበል፣ ከለመደችው እረፍት ትንሽ ረዘም አድርጋ ትቁም፣ «ደፉ ላይ የቆመው»ን ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ትበለው፣ ከዚያ ወረቀቱን ታውርድ።

የሰባ ደረጃዋ

ማታ ተቀምጬ ሞከርኩ። ይኸው።

ዝናብ ሲደበድብ ያን ቆርቆሮ ክዳን
እማዬ ተነስታ ስትሄድ ወደ ኪዳን
በግድግዳ ሽንቁር ሲኒ ስንቀባበል
ቶናው ሳይቀዘቅዝ በረካው ሲከተል

ዛሬ ግን ያ ሰፈር ፈርሶ ሜዳ ሆነ
የቡናው ሽንቁርም በአፈር ተደፈነ

አስፋልቱ ላይ ቆሜ በሩን ብፈልገው
የመንገድ መብራት ነው ደፉ ላይ የቆመው

ኪያ

በጣትም መታሁት፣ ስድስት ስድስት ነው። «በአፈር» ላይ «ባፈር» ማለት አለብሽ፣ ካልሆነ ሰባት ይሆናል። ገባኝ የኔታ።

ዶሮ ማነቂያ ያደግኩ

ቶናና በረካ ሲባል ሰዓቱ አለፈልኝ፣ ቡናው ሲረዝም ተሰማኝ። ስድስተኛው ላይ ግን አንድ ነገር አለ። ግድግዳው ፈርሷል ብለሻል። ግድግዳ ከሌለ ሽንቁሩ እንዴት ይደፈናል? ሽንቁር የሚደፈነው ግድግዳ ሲቆም ነው።

የሰባ ደረጃዋ

እኔ አፈሩ ሁሉንም ስለሸፈነው ነው እንዲያ ያልኩት። ግን እውነት ነው፣ ሳስበው ያስቸግራል። ሴትየዋም አሁንም የለችም።

የኔታ

አምስትና ስድስትን አንድ ላይ አውጥተሽ አንብቢው እስቲ። ከቡናው ቀጥታ አስፋልቱ ላይ ትቆሚያለሽ። መፍረሱን መብራቱ ራሱ ይናገራል። ስድስት ስንኝ ይቀርሻል፣ ምናልባት ይበቃል።

የማታ ወፍ

የኔታ ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ያ ለአንባቢ ይሆናል። አድማጭ ግን ወረቀት የለውም፣ አንዴ ካመለጠው አመለጠው። «ዛሬ ግን» ካልተባለ ግማሹ ሰው ድሮና ዘንድሮውን አይለይም። አምስተኛው ይቆይ፣ ስድስተኛውን ትቀይረው።

የኔታ

አድማጩ ላይ ያልከው ውኃ ያነሳል። እንግዲያው አምስተኛው ይቆይና በስድስተኛው ቦታ ያቺ ጎረቤት ትግባ። መጨረሻው «ነ» ይሁን። ሽንቁሩን ተዪና ሲኒውን የምታቀብለዋ እጅ ምን ሆነች፣ እሷ የት ገባች የሚለውን ጻፊ። ዕቃዋን ስትከድን ነበር ያየሻት? ቤት እንዲመታ ብለሽ ግን ያላደረገችውን እንዳታስደርጊያት፣ «ባከነ» ያኔ የመጣብሽ በዚያ በር ነው።

የሰባ ደረጃዋ

ጀበናዋን በነጠላ ጠቅልላ ነው የወጣችው። በ«ነ» እንዴት እንደማመጣው አላውቅም። እስከ ቅዳሜ ልሞክር፣ ካልመጣልኝ ስድስቱን ስንኝ ብቻ ይዤ እወጣለሁ።

ዶሮ ማነቂያ ያደግኩ

ካልመጣልሽ አምስተኛውን ራሱን ቀይሪው፣ ጀበና ላይ ቤት እንዲመታ። ማን ነው በ«ነ» ይሁን ያለሽ?