የሲዚየም 137 ልኬቴ 15 በመቶ ጎደለ፤ በግራ በኩል ያለችው ፒክስ የምንድን ናት?

የኮዬዋ፦
ሰላም ለሁላችሁ። የፊዚክስ ሦስተኛ ዓመት ተማሪ ነኝ። ላብ ውስጥ በሶዲየም አዮዳይድ ዲቴክተር ሲዚየም 137 ለክተን ነበር። ምንጩ ላይ 37,000 ቤክሬል ተጽፏል፤ ከተሠራ 10 ዓመት ስለሆነው አሁን ወደ 29,400 ወርዷል ብዬ አሰላሁ። የ662 ኪሎ ኤሌክትሮን ቮልቷን ፒክ መምህራችን በሰጡን ኤፊሸንሲ ሳካፍል ግን የማገኘው በሰከንድ 25,000 ጋማ ብቻ ነው። የቀረው የት ገባ? በግራ ጥግ ደግሞ 32 አካባቢ የማላውቃት ፒክ አለች። መምህሩ «ኢንተርናል ኮንቨርዥንን ከሜታስቴብል አይሶመር ጋር አብራችሁ አንብቡ» ብለው ሄዱ። ሪፖርቱ ሰኞ ነው፤ ኮዬ ፈጬ ደግሞ መብራቱ እንደምታውቁት ነው።

መምህር ዘሰንዳፋ፦
እህቴ፣ ይሄ ቀላል ነው። ጋማው ከኒውክለሱ ሲወጣ ቅርቡ ያለውን የኬ ሼል ኤሌክትሮን ይመታና ያባርረዋል። ጋማው እዚያው አተሙ ውስጥ ስለሚያልቅ ዲቴክተርሽ አያየውም። የጎደለብሽ 15 በመቶ በሙሉ እሱ ነው። የኤሌክትሮኑ ጉልበት 661.7 ሲቀነስ 37.4፣ ማለትም ወደ 624 ኪሎ ኤሌክትሮን ቮልት ይሆናል።

አሮጌ ቆጣሪ፦
መምህር፣ 624 ያልከው ልክ ነው። 15ቱን በሙሉ ለኮንቨርዥን መስጠትህን ግን አልቀበልም። መቶ የሲዚየም ኒውክለስ ቢፈርስ አምስት ስድስቱ ቤታ አውጥተው በቀጥታ ወደ ባሪየም ዝቅተኛው ደረጃ ይወርዳሉ። እነሱ ጋማም ኮንቨርዥንም አይነካቸውም። የተቀሩት 94 ያህሉ 662 ላይ ባለው ደረጃ ያርፋሉ፤ ከእነዚህ 85ቱ ጋማ ይሰጣሉ፣ 9 ያህሉ ጉልበታቸውን ለኤሌክትሮን ያስረክባሉ። 9ን ለ85 ብታካፍል የሚመጣው ወደ 0.11 የሚጠጋው ቁጥር የኮንቨርዥን ኮኤፊሸንት የሚባለው ነው። ልጄ፣ አንቺም 29,400ን በ0.85 አባዢው፤ ያገኘሽው 25,000 ይወጣል።

«ጋማው ወጥቶ መታው» የሚለው ደግሞ ብዙ ሰው የሚለው ነው፣ ግን አይደለም። በኮንቨርዥን ጊዜ ጋማ ጭራሽ አይፈጠርም። የኬ ሼል ኤሌክትሮን ኒውክለሱ ውስጥ ሳይቀር የመገኘት ዕድል ስላለው ኒውክለሱ ጉልበቱን በቀጥታ ያቀብለዋል። ጀርማኒየም 72ን ተመልከቱ። 691 ኪሎ ኤሌክትሮን ቮልት ላይ ያለው የመጀመሪያ ደረጃው ስፒኑ ዜሮ ነው፤ የሚወርድበትም ዜሮ ነው። ጋማ ቢያንስ አንድ ስፒን ይዞ መሄድ ስላለበት ከዜሮ ወደ ዜሮ አንድ ጋማ ሊወጣ አይችልም። ኤሌክትሮኖቹ ግን ይወጣሉ። ያልነበረ ጋማ ማንን መታ?

መምህር ዘሰንዳፋ፦
ጋሼ፣ ጀርማኒየሙን እቀበላለሁ። ለስሌት ግን ያው አይደለም እንዴ? ተማሪ ሳስተምር በዚህ መልክ ቶሎ ይገባቸዋል።

አሮጌ ቆጣሪ፦
ለኤሌክትሮኑ ጉልበት ያው ነው። ለዕድሜው ግን አይደለም። አንተ እንዳልከው ቢሆን ኮንቨርዥን ከወጡት ጋማዎች ላይ ይቀንስ ነበር እንጂ ኒውክለሱን አያፈጥነውም ነበር። እውነቱ ግን ሁለቱ መንገዶች የየራሳቸው ፍጥነት አላቸው፣ ፍጥነታቸውም ይደመራል። የባሪየሙን ኤሌክትሮኖች በሙሉ ብታራግፍ ዕድሜው ወደ 11 በመቶ ይረዝማል።

ሲስተር ከቡራዩ፦
ይቅርታ በመሀል ስለገባሁ። እናቴ የአጥንት ስካን ሲያነሷት የተወጋችው «ቴክኒሺየም 99ኤም» ይባላል። ኤም የሜታስቴብል ከሆነና ሜታስቴብል ቶሎ የማይፈርስ ማለት ከሆነ ሰውነቷ ውስጥ ይቆያል ማለት ነው? የልጅ ልጆቿን አታቅፊ ብለን ከልክለናታል።

አሮጌ ቆጣሪ፦
እህቴ፣ ረጅም የተባለው በኒውክለስ መለኪያ ነው። ከፍ ያለ ደረጃ ላይ ያለ ኒውክለስ አብዛኛውን ጊዜ ከቢሊዮንኛ ሰከንድ ባነሰ ጊዜ ይወርዳል። የእናትሽ መድኃኒት ግማሽ ዕድሜው 6 ሰዓት ነው፤ በአንድ ቀን ውስጥ አንድ አሥራ ስድስተኛው ብቻ ይቀራል፣ በሽንት የሚወጣውን ሳንቆጥር። ስለ ማቀፉ ስካኑን ያነሷትን ሰዎች ጠይቂ፤ በእኔ ቃል ብቻ አትሂዱ።

ደግሞ ጥያቄሽ ከዚህችኛዋ ጋር ይገናኛል። ቴክኒሺየሙ ሲወርድ የመጀመሪያው እርምጃ 2.2 ኪሎ ኤሌክትሮን ቮልት ያህል ብቻ ስለሆነ ጋማ ሳይወጣ ከሞላ ጎደል ሁሌም በኤሌክትሮን ያልፋል። ካሜራው የሚያየው 140ው ከዚያ በኋላ ነው የሚወጣው። ያ ትንሽ እርምጃ በውጪ ኤሌክትሮኖች ላይ ስለሚደገፍ አተሙ የገባበት ኬሚካል ሲለወጥ ግማሽ ዕድሜው በጥቂቱ ይለዋወጣል። ይሄ በ1950ዎቹ መጀመሪያ በልኬት ታይቷል።

የኮዬዋ፦
ጋሼ አመሰግናለሁ። ባሪየሙ 2.55 ደቂቃ የሚቆየውስ ለምንድን ነው? ሌላም አለ፤ ኮንቨርዥኑ እንዲህ ጥቂት ከሆነ 32 ላይ ያለችው ፒክ እንዴት የትልቋን ሲሶ አከለች?

አሮጌ ቆጣሪ፦
662 ላይ ያለው ደረጃ ስፒኑ 11/2 ነው፣ የታችኛው 3/2። ልዩነቱ 4 ስለሆነ የሚወጣው ጋማ ቢያንስ 4 ስፒን ይዞ መውጣት አለበት። የዚህ ጋማ የሞገድ ርዝመት ደግሞ ከኒውክለሱ ስፋት ከ100 እጥፍ በላይ ነው። እንዲህ ያለ ትንሽ ነገር በረጅም ሞገድ ብዙ ስፒን ለማስወጣት በጣም ይቸገራል፤ ስለዚህ ይዘገያል። አይሶመር የሚባለው እንዲህ የዘገየው ነው። ጋማው ሲቸገር ኤሌክትሮኑ ቅርብ ስለሆነ ያን ያህል አይቸገርም፤ ስለዚህም ድርሻው ከፍ ይላል። ሁለቱን አብራችሁ አንብቡ የተባላችሁት ለዚህ ይመስለኛል።

ግራ ያለችው የባሪየም ኤክስሬይ ናት። የተባረረው የኬ ኤሌክትሮን ቦታው ክፍት ይቀራል፣ ከላይ ያለው ይወርድበታል፣ 32 ይወጣል። ቤታው ቀድሞ ስለወጣ አተሙ ያኔ ሲዚየም አይደለም።

የአቃቂ ቴክኒሻን፦
ስለ ሲሶዋ እኔ ልመልስ። ከመቶ ፍርሰት 7 ያህል ኤክስሬይና 85 ጋማ ይወጣል። ክሪስታሉ ግን 32ን ከገባለት ከሞላ ጎደል ሁሉንም ያስቀራል። 662 ግን ብዙው አልፎ ይሄዳል፣ ወይም ተበትኖ ከፒኳ ውጪ ይቆጠራል። ስለዚህ የፒኮቹን ስፋት በቀጥታ አታወዳድሪ። ለ32 የተለካ ኤፊሸንሲ አለሽ?

ሌላም አለ። ለማስተማሪያ በሚሸጡ ክብ ምንጮች ላይ የተጻፈው ቤክሬል ብዙ ጊዜ እስከ 20 በመቶ ሊሳሳት ይችላል። ሰርተፊኬቱን ሳታዪ «15 በመቶው ኮንቨርዥንን አሳየኝ» ብለሽ አትጻፊ፤ መግጠሙ በዕድል ሊሆን ይችላል። ጠንካራው ማስረጃሽ 32ቷ ናት።

የኮዬዋ፦
ለ32 የለንም፤ የተሰጠን ለ662 ብቻ ነው። 624ቱን ኤሌክትሮኖች በጋይገር ብለካቸውስ?

የአቃቂ ቴክኒሻን፦
አይሆንም። ጋይገር ጉልበት አይለይም፤ ቤታውንም እነሱንም እኩል ይቆጥራል። በዚያ ላይ እነዚህ ኤሌክትሮኖች ፕላስቲክ ውስጥ ከ2 ሚሊሜትር ብዙም አይዘልቁም። ስስ ሽፋን ያለው ምንጭና በቫኪዩም ውስጥ ያለ ሲሊኮን ዲቴክተር ያስፈልግሻል። ባይሆን ባሪየም 133 ካላችሁ 31 አካባቢ የሲዚየም ኤክስሬይ ስለሚሰጥ ኤፊሸንሲውን በእሱ መለካት ይቻላል።

አሮጌ ቆጣሪ፦
የባሪየም 133ቱ ሐሳብ ጥሩ ነው፤ የእሱ ቤክሬልስ በስንት በመቶ የታመነ ነው? ያው ችግር ተመልሶ ይመጣል። የሲዚየሙን ሽፋን ውፍረትም ጠይቂ፤ ብረት ከሆነ 32ን በቀላሉ ይበላል።

የኮዬዋ፦
ቁም ሳጥኑ ውስጥ ባሪየም የሚል አንድ ክብ ምንጭ አይቻለሁ፤ 133 ይሁን አይሁን አላስታውስም። ሰኞ ከማስረከቤ በፊት የላብ ረዳቱን እጠይቃለሁ።